ውሃ ተጠይቆ ፖለቲካ ላይ ሲደረስ፦ የግሩፕ ውይይት እንዴት ከርዕሱ ይወጣል? የአድሚን መልስስ እንዴት ይመልሰዋል?

ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈር ወይም የኮንዶሚኒየም ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። አንዷ ስለ ውሃ ትጠይቃለች። ሃያ ኮመንት ሳይሞላ ወሬው 40-40-20 ላይ ይደርሳል። ከተማዋን ለማያውቅ ሰው፣ ይህ የአስተዳደሩ ሥልጣን የሚደለደልበት ቀመር ነው። አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለቀሩት። ጥያቄው ስለ ባጃጅ ታሪፍም ቢሆን፣ ስለ መብራትም ቢሆን፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻ መኪናም ቢሆን መጨረሻው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ብዙ አድሚኖች ይህን እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ያዩታል። ሰዉ ሥርዓት አያውቅም፣ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ያደርገዋል ይላሉ። ስለዚህም መልሳቸው ቁጣ ነው፣ ወይም ማጥፋት፣ ወይም ማባረር። እኔ በዚህ አልስማማም። ለረጅም ጊዜ የተከታተልኳቸው ውይይቶች የሚያሳዩኝ ሌላ ነገር ነው። ውይይት ከርዕሱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ መልስ ያለው ሰው ሲጠፋ ነው። "ውሃው የት ገባ?" የሚለው መልስ ካላገኘ "ለምን እኛ ጋ ብቻ?" ወደሚለው ይዞራል። እሱም መልስ ካላገኘ "ማን ነው እንዲህ ያደረገን?" ይሆናል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ለሦስተኛው ግን ሁሉም ሰው መልስ አለው። ኮመንቱ በአንድ ጊዜ የሚጎርፈው ለዚህ ነው።

ይህን አንድ ምሳሌ ይዘን ብናየው ይሻላል። ምሳሌውን የቀመርኩት ካየኋቸው ብዙ ውይይቶች ነው። የአንድ ግሩፕ ወይም የአንድ ሰው ቃል አይደለም።

አንድ ማታ፣ አንድ ጥያቄ

ቦታው ሳቢያን አካባቢ ያለ የኮንዶሚኒየም ግሩፕ ነው እንበል። ማታ 1 ሰዓት ላይ አንዲት ነዋሪ እንዲህ ትጽፋለች፦ "ውሃ ከሄደ ሦስት ቀኑ። የሚያውቅ አለ?"

የመጀመሪያው መልስ "እኛም ጋ የለም" ነው። ሁለተኛው "እኛም" ይላል። ሦስተኛው ጥሩ መረጃ ይዞ ይመጣል፦ "ከመንገዱ ማዶ ግን ትናንት ሌሊት መጥቷል፣ እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው።" አራተኛው ደግሞ "ለነሱማ ይመጣል አቦ" ይላል።

እዚህ ጋ እንቁም። ሁሉም ነገር የዞረው እዚህ ነው። አራተኛው ሰው ምንም ስድብ አልተናገረም። ምናልባትም የተናገረው ሲቀልድ ነው። ግን "ለነሱ" አለ። "እነሱ" ደግሞ አንባቢው የፈለገውን ሰው የሚያስገባበት ባዶ ቦታ ነው። ለአንዱ የማዶው ሰፈር ነው። ለሌላው ሀብታሞቹ ናቸው። ለሦስተኛው የሌላ ብሔር ሰዎች ናቸው። አምስተኛው ኮመንት ይህን ባዶ ቦታ ይዞ ይመጣል፦ "ለነሱ ስትል ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" ስድስተኛው "የተባለው ግልጽ ነው፣ 40-40-20 ባለበት ከተማ ምን ትጠብቃለህ?" ይላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ውሃ የሚያወራ ሰው የለም።

ሁለት ሰዎች ብቻ ሲቀሩ። ዘጠነኛው ኮመንት ላይ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "ዛሬ ከሰዓት ታንከሩ ጋ ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ዋናው መስመር የተሰበረ ይመስላል።" ሰውየው የመጣው መልስ ይዞ ነው። ግን ከላዩም ከታቹም ጠብ ነው። ማንም ሪፕላይ አላደረገለትም። አሥራ አንደኛው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው "የኛ ቧንቧ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተዘግቶ ነው፣ መስመሩ ምንም አልሆነም" ይላል። ይህም የሚታመን ነገር ነው። የድሬዳዋ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው። ጀበናውም ባሊውም የሚያወጣውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ ቤት የለም። ሁለቱ ሰዎች ቢነጋገሩ ነገሩ ይለይ ነበር። ችግሩ ከመስመሩ ነው ወይስ ከሕንፃው? ግን አልተነጋገሩም። አንዱ የሌላውን መልእክት ያየው አይመስልም።

የመውጣት ትልቁ ጉዳት ለእኔ ይህ ነው። ጠቡ ያልፋል። መልስ ይዞ የመጣው ሰው ግን ሁለተኛ አይመጣም።

ስልኩም የራሱ ድርሻ አለው

እዚህ ላይ የሰዉን ባሕርይ ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም። የቴሌግራም ግሩፕ መልእክቶችን የሚያስቀምጠው በመጡበት ሰዓት ቅደም ተከተል ነው። ከሥራ ገብቶ ስልኩን የሚከፍት ሰው የሚያየው የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስት መልእክቶች ነው። ዋናው ጥያቄ ከላይ ነው፣ ብዙ ጣት ማንሸራተት ይጠይቃል። ስለዚህ ሰውየው የሚመልሰው ለጥያቄው ሳይሆን ለመጨረሻው ኮመንት ነው። የሚቀጥለው ደግሞ ለሱ ይመልሳል። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ነው፣ ማንም ከርዕስ ወጣሁ አይልም። ስምንት እርምጃ በኋላ ግን የተጠየቀው ነገር ከስክሪኑ ጠፍቷል።

ፌስቡክ ላይ ነገሩ የሚበላሸው በሌላ መንገድ ነው። እዚያ ኮመንቶች የሚደረደሩት በሰዓት ብቻ አይደለም። ብዙ መልስና ብዙ ሪአክሽን ያገኘው ከላይ የመውጣት ዕድል አለው። ብዙ መልስ የሚያገኘው ደግሞ የሚያናድደው ነው። "ታንከሩ ጋ ሲቆፍሩ አይቻለሁ" የሚለውን ማን ይከራከረዋል? ትክክለኛ መረጃ ክርክር አይጠራም፣ ስለዚህ ወደ ታች ይሰምጣል።

ከእድር ስብሰባ ጋር ያለው ልዩነትም እዚህ ጋ ነው። እድር ላይ ሰብሳቢው አለ። እጅ የሚያወጣ አለ። አንድ ሰው ከአጀንዳ ሲወጣ ሰብሳቢው በዚያው ቅጽበት ይሰማዋል፣ "እሱን በኋላ እናየዋለን" ይለዋል፣ ሌላው እጅ ያወጣ ሰው ይቀጥላል። ግሩፕ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። አድሚኑም ያኔ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ወይም እራት ላይ ነው፣ ወይም ተኝቷል። የሚደርሰው ጉዳዩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ቁጣ ለምን አይሠራም?

አድሚኑ ማታ 2 ተኩል ላይ ስልኩን ከፈተ እንበል። ሃያ ሰባት መልእክት ይጠብቀዋል። ተናደደ። እንዲህ ጻፈ፦ "ከርዕስ አትውጡ! ይህ ግሩፕ የፖለቲካ ቦታ አይደለም። የሚደግም ይባረራል!"

ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አያስቸግርም። "ውሃስ ፖለቲካ አይደለም እንዴ?" "አንተን ማን ሾመህ?" "የሱን መልእክት ትተህ የኔን ለምን አጠፋህ?" አሁን ውይይቱ ሦስተኛ ርዕስ አገኘ። ርዕሱ አድሚኑ ራሱ ነው። ውሃው ደግሞ ከበፊቱም የባሰ ራቀ።

ይህ መልስ የወደቀው ቃሉ ሻካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። "እባካችሁ ውድ ነዋሪዎች፣ ከርዕሳችን ባንወጣ መልካም ነው" ብሎ ቢጽፈውም ብዙ ለውጥ አያመጣም ነበር። ሁለቱም መልሶች የሚናገሩት ምን እንደማይደረግ ነው። ምን እንደሚደረግ አይናገሩም። ስለ ውሃ መጻፍ የፈለገ ሰው አሁን ምን ይጻፍ? "እኛም ጋ የለም" ብሎ አስቀድሞ ጽፏል። ሌላ የሚጨምረው የለውም። የሚጨምረው ያለው የሚጣላው ሰው ብቻ ነው።

ማጥፋቱም ችግር አለው። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት ሲጠፋ ለሱ የተሰጡት መልሶች አይጠፉም። "ለነሱማ ይመጣል" የሚለው ጠፍቶ "እንዲህ ብለህ ስትናገር አታፍርም?" የሚለው ይቀራል። አዲስ የገባ ሰው የሚያየው ስድብ የሚመስል መልስ ብቻ ነው። ማን ምን እንዳለ አያውቅም፣ ስለዚህ ይጠይቃል። ጠቡ እንደገና ይነሳል።

የሚሠራው መልስ ምን ይመስላል?

አሁን ያው አድሚን በዚያው ሰዓት እንዲህ ቢጽፍስ? መልሱን ያደረገው በጠቡ ላይ አይደለም። በቧንቧ ሠራተኛው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርጎ ነው የጻፈው።

"ይህን መልእክት ብዙዎቻችን ያለፍነው ይመስለኛል። ታንከሩ ጋ ሲቆፈር ያየ ሌላ ሰው አለ? እስካሁን የተጻፈው ይህ ነው፦ እኛ ጋ ሦስት ቀን የለም፣ ከመንገዱ ማዶ ትናንት ሌሊት መጥቷል። መስመሩ ይሁን የየብሎካችን ቧንቧ ለመለየት አንድ ነገር ብቻ ጻፉልኝ፦ የብሎክ ቁጥርና መጨረሻ የመጣበት ቀን። ለምሳሌ 'ብሎክ 4፣ እሑድ ጠዋት'። የውሃ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው መነጋገር ያለብን ጥያቄ ነው። ለብቻው ርዕስ ከፍቼለታለሁ፣ እዚያ እጠብቃችኋለሁ። የሰበሰብኩትን ማታ 4 ሰዓት ላይ እዚህ እለጥፋለሁ።"

ረጅም ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው።

መጀመሪያ ያደረገው የተቀበረውን መልስ ማውጣት ነው። በሪፕላይ ስለመለሰ የቧንቧ ሠራተኛው መልእክት ወደ ታች፣ ሰው ወደሚያይበት ቦታ ወረደ። ይህ ስልኩ ያበላሸውን በስልኩ ማስተካከል ነው። ከዚህም በላይ መልስ ይዞ ለመጣው ሰው ክብር ይሰጠዋል። ሌሎቹም ይህን ያያሉ። እዚህ ግሩፕ ውስጥ የሚሰማው የሚጮኸው ሳይሆን መረጃ ያለው መሆኑ ይገባቸዋል። ማንንም መውቀስ አላስፈለገውም።

ቀጥሎ እስካሁን የተባለውን በአንድ መስመር ጠቀለለው። ይህ የሚጠቅመው አሁን ለገባው ሰው ነው። ሃያ ሰባት መልእክት ማንበብ ቀረለት። የሚያየው የመጨረሻ መልእክት የጠብ መልእክት አይደለም፣ ጠቅላላ ሁኔታውን የሚነግረው ነው። ስለዚህ የሚመልሰው ለዚህ ነው። በዚህ አጠቃለል ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። "ከመንገዱ ማዶ መጥቷል" የሚለውን አድሚኑ አልደበቀውም። ሰውን ያናደደው መረጃ እሱ ነው። ቢያስቀረው "አድሚኑ ይሸፍናል" ይባል ነበር፣ መባሉም አግባብ ነው። ያስቀረው "ለነሱማ" የሚለውን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ግን ጥያቄውን ማጥበቡ ነው። "የሚያውቅ አለ?" ሰፊ ነው፣ ማንም የፈለገውን ይጽፍበታል። "የብሎክ ቁጥርና ቀን" ግን በሦስት ቃል የሚመለስ ነው። ልጅ የያዘች እናት በአንድ እጇ ትጽፈዋለች። አማርኛ መጻፍ የማይቀናው ነዋሪም ይመልሰዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ግሩፕ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ አለ። ብዙው ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ረጅም ክርክር ቋንቋ ለሚቀናው ያደላል፣ ቁጥርና ቀን ግን ለሁሉም እኩል ነው። ጠብ ለፈለገውም መንጠልጠያ አያገኝበትም። "ብሎክ 4፣ እሑድ ጠዋት" በሚለው ላይ ምን ብሎ ይጣላል?

ምሳሌ መስጠቱንም ልብ በሉ። ሰው የመጀመሪያውን መልስ አይቶ ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያው "ብሎክ 7፣ እሑድ" ካለ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም በዚያው መልክ ይመጣሉ። ምሳሌ ካልሰጠ አንዱ አንቀጽ ሙሉ ታሪክ ይጽፋል፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

ከዚያ ወደ ሌላው ርዕስ መጣ። ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? አድሚኑ ይህን ከንቱ ወሬ አላለውም፣ አይደለምና። 40-40-20 የከተማዋ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ስለሱ የሚቆረቆር ሰው ሞኝ አይደለም። ግን የዛሬ ማታውን የተሰበረ ቧንቧ አያገኝልንም። ስለዚህ ቦታ ሰጠው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2022 ማብቂያ ጀምሮ አንድን ግሩፕ በርዕስ መከፋፈል የሚያስችል ነገር አለው፣ ቶፒክ ይባላል። ያ ከሌለ ደግሞ አዲስ መልእክት ጽፎ እዚያ ላይ ሪፕላይ እንዲደረግ መጠየቅ ይቻላል። ዋናው ሰውየው "ዝም በል" እንዳልተባለ እንዲሰማው ነው። የሚናገርበት ቦታ ሲያገኝ የሚለቅ ሰው ብዙ ነው።

የመጨረሻዋ "ማታ 4 ሰዓት ላይ እለጥፋለሁ" የምትለው ደግሞ ለጻፈው ሰው የተገባች ቃል ናት። መረጃው የሚሄድበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሰው የጻፈው ነገር ወደ ምንም የማይሄድ ከመሰለው አይጽፍም። ይህን ቃል ያልጠበቀ አድሚን በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይሰማውም።

ማን እንደሚመልስና መቼ

አሜሪካ ውስጥ የተደረገ አንድ ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተመራማሪዋ ናታሊ ስትራውድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ነው። አንድ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ ፌስቡክ ገጽ ላይ በ70 የፖለቲካ ፖስቶች ሞከሩት። በአንዳንዱ ሰዎች የሚያውቁት ጋዜጠኛ ራሱ ኮመንት ውስጥ ገብቶ መለሰ። በአንዳንዱ በጣቢያው ስም ተመለሰ። በቀሪው ማንም አልመለሰም። የሚታወቀው ጋዜጠኛ ሲገባ ብልግናው ቀነሰ፣ በማስረጃ የሚከራከረውም ጨመረ። የጣቢያው ስም ያንን ያህል አልሠራም። ሰው ለሰው ይጠነቀቃል፣ ለሎጎ አይጠነቀቅም። የእኛ ግሩፖች ውስጥ ብዙ አድሚን ስሙን ደብቆ በግሩፑ ስም ይጽፋል። ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ከስድብ ለመዳን ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ውይይት ለመመለስ ሲጽፉ በስማቸው ቢጽፉ ይሻላል። "ብሎክ 2 ያለው እገሌ" ሲሆን የሱም ቤት ውሃ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ሌላው ደግሞ ተመራማሪው ናታን ማቲያስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ነው። ሬዲት ላይ ባለ ትልቅ የሳይንስ መድረክ፣ በ2,190 ውይይቶች የተሞከረ ነው። ገና ከመጀመሪያው የውይይቱ ደንብ ከላይ በተለጠፈባቸው ውይይቶች ደንቡን የሚያከብሩ አዲስ ሰዎች ከ8 ፐርሰንቴጅ ነጥብ በላይ ጨመሩ። አዲስ ገቢዎች የመሳተፋቸውም ነገር በአማካይ 70 በመቶ ከፍ አለ። ይህ ሁለተኛው ነው እኔን የገረመኝ። ደንብ ሰውን ያስፈራራል ብለን እንፈራለን። እዚያ ግን ምን እንደሚጠበቅበት ያወቀ ዝምተኛ ሰው ደፍሮ ገባ። በእንግሊዝኛ የተደረገ የሳይንስ ውይይት ከሳቢያን ኮንዶሚኒየም ግሩፕ ጋር አንድ አይደለም። ግን ጊዜውን በተመለከተ የሚነግረን ነገር ይሠራል። ከጠብ በኋላ የሚመጣ መልስ ይጠግናል። ከመጀመሪያው የሚመጣ መልስ ደግሞ መልኩን ይሰጠዋል።

በምሳሌያችን ያ ጊዜ ሦስተኛው ኮመንት ላይ ነበር። "ከመንገዱ ማዶ መጥቷል" ሲባል አድሚኑ፣ ወይም ማንኛውም ነዋሪ፣ "በስንት ሰዓት ነው የመጣው? አሁንስ አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አራተኛው ኮመንት ሌላ ይሆን ነበር። ለዚህ የአድሚን ሥልጣን አያስፈልግም። ንቁ የሆነ አንድ ሰው ይበቃል። ስለዚህ ብልህ አድሚን በየብሎኩ እንዲህ የሚጠይቁ ሁለት ሦስት ሰዎችን አስቀድሞ ያነጋግራል። እሱ እራት ላይ ሲሆን እነሱ አሉ።

መልስ የማይመልሰው ነገር

ሁሉም መውጣት አንድ አይደለም። "የኛ ቧንቧ በነጭ ቅርፊት ተዘግቶ ነው" ያለውን ሰውዬ ወዲያው አንዱ "እንዴት ነው የምታስለቅቀው?" ቢለው፣ ውይይቱ ትንሽ ከርዕሱ ወጣ ማለት ነው። ይህን ግን መተው ነው። ጥያቄው ላይ ያሉትን ሰዎች አያባርርም፣ እንዲያውም ያቆያቸዋል። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ወሬው ሲቀጥል ጠያቂዋ አሁንም አለች? ጠያቂዋ ዝም ካለች፣ መረጃ የነበራቸው ሰዎችም ከጠፉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ከቀረ፣ ያኔ ወጥቷል።

ደግሞ ስድብና ዛቻ ሲመጣ "ወደ ርዕሳችን እንመለስ" አይባልም። አንድ ሰው በብሔሩ ምክንያት እንዲመታ ወይም እንዲባረር የሚጠራ መልእክት ከርዕስ የወጣ ኮመንት አይደለም። በጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ በቁጥር 1185/2012፣ የሚያስጠይቅ ነው። እሱን ማስረጃውን አስቀምጦ ማጥፋት፣ ሰውየውን ማስወጣት፣ ለሚመለከተው ማሳወቅ ነው። እንዲህ ያለውን በለሰለሰ ቃል ለመመለስ የሚሞክር አድሚን ለተዛተበት ሰው ጀርባውን ሰጥቷል።

ከውጭ ሰው ተጠርቶ ሲመጣም መልስ ብቻውን አይበቃም። የማታውቋቸው ስሞች ባንዴ ሲበዙ፣ መልእክቱ በየሰከንዱ ሲመጣ፣ አድሚኑ የጻፈውም ከመነበቡ በፊት ከስክሪኑ ይወጣል። ያኔ ስሎው ሞድ ይጠቅማል። አንድ ሰው ከአንድ መልእክት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ 5 ደቂቃ ወይም 15 ደቂቃ፣ እንዳይጽፍ ያደርጋል። መልሱን ፒን አድርጎ ስሎው ሞድ ማብራት አብሮ ይሄዳል። ስሎው ሞድ ብቻውን ግን ጠቡን ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም።

መልሱ ሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ከመልሱ በኋላ ያሉትን አምስት ስድስት ኮመንቶች ማየት ነው። ቁጥርና ቀን የያዙት ከግማሽ በላይ ከሆኑ ተመልሷል። እስካሁን ያልጻፈ አዲስ ስም ከመጣ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ሁሉም መልስ ለአድሚኑ የተሰጠ ክርክር ከሆነ ግን ሁለተኛ ረጅም መልስ አይጻፍ። ለአንዱ ተከራካሪ በውስጥ መስመር መጻፍ ይሻላል። ሰው ሁለት መቶ ሰው ፊት ለመሸነፍ አይፈልግም፣ ለብቻው ሲያነጋግሩት ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

በምሳሌያችን እስከ ማታ 4 ሰዓት ዘጠኝ ብሎክ መለሰ እንበል። ሰባቱ እሑድ ጠዋት ብለዋል። ሁለቱ ግን ዓርብ ብለዋል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ናቸው። አድሚኑ ይህን ለጠፈ። ሰባቱ በአንድ ቀን ካጡ ችግሩ የመስመር ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ያየው ቁፋሮም ከዚያ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ ብሎኮች ከሁለት ቀን ቀድመው ካጡ ግን ሌላ ችግርም አለባቸው፣ የገዛ ቧንቧቸውን ያስከፍቱ። ስለዚህ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ ስለ ነጭ ቅርፊቱ የጻፈውም በየድርሻቸው ልክ ነበሩ። ለውሃና ፍሳሽ የሚደውል ሰውም አሁን "ውሃ የለም" አይልም። ስንት ብሎክ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የት ጋ እንደተቆፈረ ይናገራል።

የቀረው ለብቻው የተከፈተው ርዕስ ነው፣ አብዛኛው አድሚን የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጠበኞቹን ወደዚያ ከላከ በኋላ አያየውም። ግልግል ይለዋል። ሰዎቹ ግን የሄዱት "እዚያ እጠብቃችኋለሁ" የሚለውን ቃል አምነው ነው። እዚያም ጥያቄ ያስፈልጋል፣ የጠበበ ጥያቄ። በእናንተ ቀበሌ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ከከዚራ፣ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከለገሃሬ ዘመድ ያለው ጠይቆ ይጻፍ። ለአንድ ወር እንዲህ ከተጻፈ ክፍፍሉ ያደላ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ በእጃችን ይኖረናል። ያደላ ከሆነም ከንዴት የተሻለ ነገር ይዘን ቀበሌ እንሄዳለን። አድሚኑ ያንን ርዕስ ከፍቶ ከጠፋ ግን ሰዎቹ "ለብቻው ከፍቼዋለሁ" ማለት "ውጡልኝ" ማለት እንደሆነ ይማራሉ። በሚቀጥለው የውሃ ጥያቄ ሲጠራቸው አይሄዱለትም።